ቢኤምአይ፦ ቁጥሩ እንዴት ይወጣል፣ ምን ይናገራል፣ ምንስ አይናገርም?

ጅማ ውስጥ ጤና ጣቢያም ሆነ የግል ክሊኒክ ሲኬድ፣ ሐኪሙ ዘንድ ከመድረስ በፊት ብዙ ጊዜ ክብደትና ቁመት ይለካል። ከሁለቱ ቀጥሎ ካርዱ ላይ አንድ ሦስተኛ ቁጥር ይጻፋል፤ 21.7 ወይም 25.2 ወይም ሌላ። ይህ ቁጥር ቢኤምአይ ነው። ባለጉዳዩ "ጤናማ ነህ" ወይም "ትንሽ ወፍረሻል" ተብሎ ይሸኛል እንጂ ቁጥሩ እንዴት እንደወጣና እስከ የት እንደሚታመን የሚያስረዳው ብዙም አያገኝም። ቁጥሩ ግን ማንም ሰው ስልኩን አውጥቶ በግማሽ ደቂቃ የሚያሰላው ነው።

ስሌቱ ሁለት ጊዜ ማካፈል ብቻ ነው። ክብደትን በኪሎ ግራም ይያዙ፣ በሜትር ለተጻፈው ቁመት ያካፍሉት፣ የወጣውን ደግሞ እንደገና ለዚያው ቁመት ያካፍሉት።

ቢኤምአይ = ክብደት ÷ ቁመት ÷ ቁመት

63 ኪሎ የምትመዝንና 1 ሜትር ከ58 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም አንዲት ሴት እንውሰድ። ስልኩ ላይ 63 ÷ 1.58 ÷ 1.58 ስንል 25.236 ይወጣል፤ ሲጠጋጋ 25.2 ነው። ቁመቱን በሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 158 ብሎ ያስገባ ሰው 0.0025 ያገኛል። ስሌቱ አልተበላሸም፤ መልሱን በ10,000 ማባዛት ይበቃል። ይበልጥ የተለመደው ስህተት ሁለተኛውን ማካፈል ረስቶ ማባዛት ነው፤ ያን ጊዜ 63 ተመልሶ 63 ይሆናል። የአዋቂ ሰው ቢኤምአይ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከ14 እስከ 50 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ የወጣ መልስ ካገኙ ስለ ጤናዎ ከመጨነቅዎ በፊት የነኳቸውን ቁጥሮች ደግመው ይዩ።

ለምን ሁለት ጊዜ? አንዴ ብቻ ቢካፈል ረጃጅም ሰዎች ሁሉ በቁመታቸው ብቻ ወፍራም ተብለው ይቆጠሩ ነበር። ቤልጄማዊው የሒሳብና የስታቲስቲክስ ሰው አዶልፍ ኬትሌ በ1830ዎቹ የብዙ አዋቂዎችን ልኬት ሲያነጻጽር፣ ክብደት ከቁመት ጋር የሚያድገው በግምት ቁመት በራሱ ሲባዛ በሚሰጠው ልክ መሆኑን አስተዋለ። ኬትሌ የሚፈልገው የሕዝብን አማካይ ሰው መግለጽ ነበር፤ የአንድን ሰው ጤና ለመመርመር አላሰበውም። ዛሬ የምንጠራበትን ስም የሰጡት አሜሪካዊው አንሴል ኪይስና ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. ሲሆኑ፣ እነሱም የመረጡት ብዙ ሕዝብ ለሚያጠና ሰው ቀላልና በቂ ሆኖ ስላገኙት ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ መሣሪያው ከመጀመሪያው ለብዙኃን የተሠራ ነው፣ እኛ ግን በየቀኑ ለአንድ ሰው እየተጠቀምንበት ነው።

አሁን ወደ ክፍፍሎቹ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ባወጣው መሠረት ከ18.5 በታች ዝቅተኛ ክብደት ይባላል፤ በዚህም ውስጥ ከ17 በታች መካከለኛ፣ ከ16 በታች ደግሞ ከባድ መቀጨጭ ነው። ከ18.5 እስከ 25 ድረስ ጤናማ ወይም መደበኛ፣ ከ25 እስከ 30 ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ተብሎ ይመዘገባል። ከ30 በላይ ያለው እንደገና በ35 እና በ40 ይከፈላል።

እነዚህ ቁጥሮች በራሳቸው ደረቅ ናቸው። ወደ ኪሎ ሲመለሱ ግን ትርጉማቸው ይታያል። ቁመትን በራሱ ያባዙ፣ ከዚያ በወሰኑ ያባዙት። ለ1.58 ሜትሯ ሴት 1.58 × 1.58 ወደ 2.5 ይጠጋል (በትክክል 2.4964)። ይህን በ18.5 ስናባዛ 46.2 ኪሎ፣ በ25 ስናባዛ 62.4 ኪሎ፣ በ30 ስናባዛ 74.9 ኪሎ እናገኛለን። ስለዚህ ለእሷ "ጤናማ" የሚባለው ከ46 ኪሎ ተነሥቶ 62 ኪሎ ድረስ ይሄዳል፤ የአሥራ ስድስት ኪሎ ስፋት አለው። በ63 ኪሎዋ መስመሩን ያለፈችው ደግሞ በስድስት መቶ ግራም ብቻ ነው። ሁለቱም ነገሮች ትልቅ መዘዝ አላቸው፤ መጀመሪያ ጠባቡን እንይ።

ስድስት መቶ ግራም አንድ ሰው ቁርሱን በልቶ ሻዩን ጠጥቶ ሲመዘን የሚጨምረው ያህል ነው። ከኪሎውም ይልቅ ቁጥሩን የሚያናጋው ቁመት ነው፤ ሁለት ጊዜ ስለሚካፈል ስህተቱም በእጥፍ ይገባል። ያችው ሴት ጫማዋን ሳታወልቅ ተለክታ 1.60 ተብሎ ቢጻፍ፣ 63 ÷ 1.60 ÷ 1.60 የሚሰጠው 24.6 ነው። በሁለት ሳንቲ ሜትር የጫማ ተረከዝ "ከመጠን ያለፈ ክብደት" የነበረችው "ጤናማ" ሆነች፤ ከሰውነቷ ላይ አንድ ግራም ሳይቀንስ። ይህን ያህል ለውጥ በክብደት በኩል ለማምጣት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል መቀነስ ነበረባት።

ስለዚህ ቁመት በጥንቃቄ ይለካ። ቤት ውስጥ ለመለካት የግርጌ ጣውላ የሌለው ቀጥ ያለ ግድግዳና ምንጣፍ ያልተነጠፈበት ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ይምረጡ። ጫማና ካልሲ ይውለቁ። ሻሽ ወይም ሂጃብ ከነመርፌው፣ አናት ላይ የተቆለለ ሹሩባም ካለ ይፈታ፤ ሊፈታ ካልቻለ ቢያንስ ወደ ጎን ይገፋ። ተረከዝ፣ መቀመጫና የትከሻ አጥንት ግድግዳውን ይንኩ፣ ጉልበት ቀጥ ይበል። ጭንቅላት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አገጩን ከፍ ካደረገ አናቱ ወደ ኋላ ይዘቀዝቃል፣ ደረቱ ላይ ከደፋው ደግሞ ያጥራል። ትክክለኛው አቋም የዓይን ጉድጓድ የታችኛው ጠርዝና የጆሮ ቀዳዳ በአንድ አግድም መስመር ላይ ሲሆኑ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ወይም ትንሽ ሣጥን ይያዝ፤ አንዱ ጎኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ሌላው ጎኑ አናት ላይ እስኪያርፍ ዝቅ ያድርገው። ደብተሩን ያጋደለ እጅ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር በቀላሉ ይሰርቃል። በእርሳስ ምልክት ተደርጎ በግንበኛ ሜትር ከወለሉ ይለካ፣ ሰውየው ከግድግዳው ርቆ ተመልሶ እንደገና ይቁም። ሁለቱ ልኬቶች ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ይጨመር። የጀርባ አጥንት መገጣጠሚያዎች ቀን ሙሉ ስለሚጫኑ ማታ ላይ ቁመት እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ሊያጥር ይችላል፤ ጠዋት መለካት ይሻላል።

ክሊኒክ ውስጥ ከሚዛኑ ጋር በተያያዘው ዘንግ የሚለካ ከሆነ፣ አናት ላይ የሚያርፈው ክንድ መወላወሉንና አለመወላወሉን ልብ ይበሉ። የተንጠለጠለ ክንድ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቁመት ከባለፈው ጉብኝት በሦስት ሳንቲ ሜትር ከተለየ፣ እርስዎ አላደጉም፤ እንደገና ይለኩኝ ማለት መብትዎ ነው፣ ለባለሙያውም ሥራውን ያቀልለታል።

ሚዛንን በተመለከተ ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ መንገድ ዳር ለመዛኞች የሚቀመጠው ትንሽ ሚዛን ብዙ ጊዜ ያልተስተካከለ ኮብልስቶን ላይ ነው፤ ሰሌን ወይም ካርቶን የተነጠፈበት ደግሞ ከታች ስለሚሰምጥ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። መርፌው ባዶውን ዜሮ ላይ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ዜሮው ልክ የሆነ ሚዛን 60 ኪሎ ላይ ሲደርስ ሦስት ኪሎ ሊስት ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ስድስት ባለ ሁለት ሊትር የታሸገ ውሃ ይያዙ። መጀመሪያ ባዶ እጅዎን ይመዘኑ፣ ቀጥለው ውሃውን አቅፈው ይመዘኑ። ልዩነቱ 12 ኪሎና ትንሽ ግራም፣ ማለትም የፕላስቲኩ ክብደት መሆን አለበት። 10 ወይም 14 ካሳየ ያን ሚዛን አይመኑት። ሁለተኛ፣ ለማወዳደር ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይመዘኑ፤ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ጋቢና ኮት አውልቀው፣ ስልክና ቁልፍ ከኪስ አውጥተው። በረመዳን ከአስር ሰዓት በኋላ የተመዘነ ሰው ውሃ ስለጎደለው ቀለል ብሎ ይታያል፤ ከአፍጥር በኋላ ያው ሰው አንድና ሁለት ኪሎ ጨምሮ ይገኛል። ያ ውሃና ምግብ እንጂ ስብ አይደለም።

ልኬቱ ፍጹም ትክክል ነው እንበል። ቁጥሩ ምን ይነግረናል? የሰውነት ክብደት ለቁመቱ ብዙ ወይም ጥቂት መሆኑን ብቻ። ክብደቱ ስብ ይሁን ጡንቻ፣ አጥንት ይሁን የተጠራቀመ ፈሳሽ አይለይም። ስቡ ዳሌና ጭን ላይ ይሁን ወይስ ሆድ ውስጥ ጉበትና አንጀት ዙሪያ፣ እሱንም አያይም። ለስኳርና ለደም ግፊት በሽታ ይበልጥ የሚያጋልጠው ግን ይኸው ሆድ ውስጥ ያለው ስብ ነው።

በቁጥር እናሳየው። ሁለቱም 1.72 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ወንዶች አሉ እንበል። አንዱ የቡና መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነው፤ 60 ኪሎ ጆንያ በትከሻው እያመላለሰ ይውላል፣ ክብደቱ 76 ኪሎ ነው። ቢኤምአይው 25.7፣ ክፍሉ "ከመጠን ያለፈ ክብደት"። ሌላው ቀኑን ወንበር ላይ የሚያሳልፍ የቢሮ ሠራተኛ ነው፣ 68 ኪሎ ይመዝናል፤ ቢኤምአይው 23.0፣ ክፍሉ "ጤናማ"። አሁን ወገባቸውን እንለካ። የጫኙ 82 ሳንቲ ሜትር፣ የቢሮው ሰው 96። የዓለም ጤና ድርጅት ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነን ወገብ የበሽታ ተጋላጭነት መጨመሪያ ምልክት አድርጎ ይወስዳል። ሌላው ቀላል መመዘኛ ወገብ ከቁመት ግማሽ እንዳይበልጥ ማየት ነው፤ ለሁለቱም ግማሹ 86 ነው። ጫኙ ከሱ በታች ነው፣ የቢሮው ሰው በአሥር ሳንቲ ሜትር አልፎታል። ስኳሩንና ግፊቱን ቶሎ መለካት ያለበት ካርዱ ላይ "ጤናማ" የተጻፈለት ሰው ነው።

ወገብ የሚለካው ሱሪ በሚታሰርበት ቦታ አይደለም። ሆዱ የወጣ ሰው ቀበቶውን ከሆዱ ሥር ስለሚያስር፣ የሱሪው ቁጥር ከዓመት ዓመት ሳይለወጥ ሆዱ ሊያድግ ይችላል። የመጨረሻውን የጎድን አጥንት በጎን በኩል በጣት ይፈልጉ፣ የዳሌ አጥንትን የላይኛውን ጫፍም ይፈልጉ፣ መካከላቸው ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙሩ። ሜትሩ ከኋላ እንዳይወርድ ሌላ ሰው ይይ። አየር በተለመደው አተነፋፈስ ወጥቶ ሲያልቅ ይነበብ፤ ሆድ መሳብ አይፈቀድም። ያረጀ የጨርቅ ሜትር ስለሚለጠጥ በብረት ሜትር ያነጻጽሩት።

የቢሮው ሠራተኛ ጉዳይ አንድ ሰው ላይ ብቻ የሚታይ እንግዳ ነገር አይደለም። 25 እና 30 የሚሉት መስመሮች በዋናነት የተሰመሩት ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ሕዝቦች በተሰበሰበ መረጃ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የብዙ አገሮችን ጥናቶች አንድ ላይ ያሰባሰበ ትንተና፣ በዕድሜ፣ በጾታና በሰውነት ስብ መጠን ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ጋር እኩል የሆኑ ኢትዮጵያውያን ቢኤምአይ በአማካይ በ4.6 ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ አሳየ። በሌላ አነጋገር አንድ ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ ገና 23 እያለ፣ የስቡ መጠን 27 ወይም 28 ካለው አውሮፓዊ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ከምክንያቶቹ አንዱ የሰውነት አቋም ነው፤ ቀጭን አጥንትና ረጅም እግር ያለው ሰው፣ እግር ከደረትና ከሆድ ይልቅ ለቁመቱ የሚጨምረው ክብደት አነስተኛ ስለሆነ፣ ቢኤምአይው ዝቅ ይላል።

እዚሁ ጅማም ጉዳዩ በቀጥታ ተለክቷል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት፣ በሩ የሚዘጋ የመለኪያ ክፍል አለው። መሣሪያው ሰውነት የሚይዘውን ቦታ ከአየሩ ለውጥ ያሰላል፤ ክብደቱ ለዚያ ቦታ ሲካፈል የሰውነት እፍጋት ይገኛል፣ ስብ ከጡንቻ ስለሚቀል ከእፍጋቱ የስብ ድርሻ ይወጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው በዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት በዚህ መንገድ የተለካውን ስብ ከቢኤምአይ ጋር አስተያየ። ከመጠን ያለፈ ስብ ያለባቸውን ከሌለባቸው በተሻለ የሚለየው ነጥብ ለወንዶች 22.2፣ ለሴቶች 24.5 ሆኖ ተገኘ። ለወገብም ለወንዶች 83.7፣ ለሴቶች 78 ሳንቲ ሜትር። ከ30 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። የቢሮው ሠራተኛ በ23.0 ከዚህ መስመር በላይ ይወድቃል፤ ጫኙም በቢኤምአይው ይወድቃል፣ ወገቡ ግን ከ83.7 በታች ስለሆነ ነጻ ያወጣዋል።

ይህ ማለት ነገ ጠዋት ካርዶች ሁሉ በ22.2 ይጻፉ ማለት አይደለም። ጥናቱ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ተቋም ሠራተኞች ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ የሚውለውን የማናን ወይም የጎማን ገበሬ አይወክልም። ለእስያ ሕዝቦች የዓለም ጤና ድርጅት የጠራቸው ባለሙያዎች በ2004 እ.ኤ.አ. 23 እና 27.5ን ተጨማሪ የጥንቃቄ ነጥቦች አድርገው ሲያቀርቡም ዋናዎቹን መስመሮች አልሻሩም። ለከተማ ነዋሪ፣ በተለይ ተቀምጦ ለሚሠራ ወንድ፣ እንደኛ እምነት ተግባራዊው ነገር ይህ ነው፦ ቁጥሩ ከ22 አልፎ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ ከበለጠ፣ 25 እስኪሞላ ሳይጠብቅ የደም ግፊቱንና የጾም ስኳሩን ይለካ።

ቢኤምአይ ጨርሶ የማይሠራላቸው ሰዎችም አሉ። ነፍሰ ጡር ሴት የምትመዝነው ከነልጇ፣ ከነሽርት ውሃው ስለሆነ ምግብ ማነሷ የሚታየው በክንድ ዙሪያ ልኬት ነው። ከ19 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስሌቱ አንድ ቢሆንም መልሱ በ18.5 እና በ25 አይዳኝም፤ በዕድሜና በጾታ በተዘጋጀ ሰንጠረዥ ላይ ይነበባል። የስምንት ዓመት ልጅ 15.5 ቢወጣለት ደህና ነው፣ በአዋቂ መስመር ግን ክፉኛ የቀጨጨ ያስመስለዋል። በልብ፣ በኩላሊት ወይም በጉበት ሕመም ያበጠ ሰው ክብደቱ ፈሳሽ ነው። ጀርባቸው የጎበጠ አዛውንትም ቁመታቸው ስለሚያጥር ቁጥራቸው ያለ አግባብ ይጨምራል።

የቀረው የሰፊው ክፍል ጉዳይ ነው፤ በእኛ አካባቢ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰውም ይኸው ይመስለናል። 1.58 ሜትሯ ሴት ለእሷ "ጤናማ" በሆነው አሥራ ስድስት ኪሎ ውስጥ የፈለገችውን ያህል ልትወርድ ትችላለች። 60 ኪሎ ነበረች እንበል፣ ቢኤምአይዋ 24.0። በስድስት ወር ውስጥ ሳታስበው 51 ኪሎ ሆነች፤ 20.4። ካርዱ ላይ ሁለቱም ጊዜ "ጤናማ" ነው የሚጻፈው፤ ሁለተኛው እንዲያውም ያማረ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን ከክብደቷ 15 በመቶ ጠፍቷል። ሰው ሳያስበው በስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ውስጥ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ከቀነሰ መመርመር አለበት፤ ለ60 ኪሎ ሰው ይህ ሦስት ኪሎ ነው። ቲቢ፣ ያልታወቀ ስኳር፣ ኤችአይቪ፣ የእንቅርት ሆርሞን መብዛት፣ ካንሰር በዚህ መንገድ ሊጀምሩ ይችላሉ። ጅማ ውስጥ ጫት የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ የከሳ ሰው "ጫቱ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ሊሆንም ይችላል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት ወይም የማይረካ ጥም ካለ ግን ጫቱን ምክንያት ማድረግ ቀን ያስረዝማል። ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ ከቢኤምአዩ ይልቅ "በጥቅምት 60 ነበርኩ፣ አሁን 51 ነኝ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ቶሎ ያስጀምራል፤ ለዚህም የድሮ ካርዶችን መያዝ ወይም ኪሎንና ቀኑን ስልክ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።